የሥራ ልምድ ደብዳቤው የማይናገረው

አንድ ሹፌር መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስትና ከስድስት መስመር አይበልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በደብዳቤው ላይ እንዲገልጽ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን። ደብዳቤውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በሹፌርነት አገልግለዋል» ይልና ማኅተም ያርፍበታል። ሹፌሩ በቀን ስንት በር እንዳንኳኳ፣ ስንት ብር ይዞ እንደዋለ፣ ስንት ዕቃ ተሰብሮ እንደተመለሰ ወይም ምንም እንዳልተሰበረ አንድ ቃል የለበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ሹፌሩ ሲቪውን ሲያዘጋጅ ነው። ደብዳቤውን ከፊቱ ያስቀምጥና ያንኑ ይገለብጣል፤ «በዕቃ አድራሽ ሹፌርነት ሠርቻለሁ»። ቦታ ሲተርፈው ደግሞ «ታማኝ፣ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪና ደንበኛ አክባሪ ነኝ» ብሎ ይጨምርበታል። የሚቀጥረው ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያሉ ሲቪዎች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ሁሉም ታማኝ ነው፣ ሁሉም ታታሪ ነው። ኃላፊው ማንን ጠርቶ ማንን እንደሚተው ከወረቀቱ ማወቅ ስለማይችል ወደ ሌላ መለያ ይሄዳል፤ ማን ጠንካራ ተያዥ አለው? ማንን የሚያውቅ ሰው አለ?

ደብዳቤው የማይናገረውን መናገር ያለባቸው በሲቪው ላይ ከሥራ መደቡ ሥር የሚደረደሩት አጫጭር ነጥቦች ናቸው። ለነዚህ ነጥቦች የሚሆነው ጥሬ ነገር ደግሞ ሹፌሩ ሥራ ላይ እያለ በየቀኑ በገዛ እጁ የሞላው ወረቀት ላይ አለ። የማስረከቢያ ሰነዱ፣ የጉዞ መመዝገቢያው፣ የነዳጅ መዝገቡ፣ የጠዋት ፍተሻ ፎርሙና የባንክ ገቢ ማድረጊያ ደረሰኙ፣ አምስቱም የሚሞሉት ለመሥሪያ ቤቱ ሲባል ነው። ሹፌሩ ስለራሱ የሚያስረዳባቸው ማስረጃዎች መሆናቸው ትዝ የሚለው ግን ጥቂቱን ሰው ብቻ ነው። እኔ አንድ ነጥብ ጥሩ ነው የምለው ከነዚህ ወረቀቶች ወደ አንዱ ጣት መቀሰር ሲቻል ነው። ወደየትኛውም የማያመለክት ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር ይሰረዝ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሹፌር እናስብ። በኦንላይን የሚሸጡ ዕቃዎችን የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ በትንሽ ቫን ለ2 ዓመት ከ8 ወር ሠርቷል። መጋዘኑ ሳሪስ ነው። የሱ መስመር ከቦሌ ተነስቶ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ አድርጎ አያት ላይ ያበቃል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፣ በቀን 30 ያህል ዕቃ ይጭናል፤ በወር 26 የሥራ ቀን ብንል 780 ዕቃ ማለት ነው። አሁን በሲቪው ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የተለያዩ ዕቃዎችን ለደንበኞች በታማኝነትና በሰዓቱ አደርሳለሁ።»

«በሰዓቱ» የሚለውን ቃል እንያዘውና ከማስረከቢያ ሰነዶቹ ጋር እናስተያየው። ሹፌራችን የአንድ ወር ሰነዱን ሰብስቦ ሲቆጥር ከ780ው ዕቃ 741ዱን በመጀመሪያው ጉዞ አስረክቧል፤ ይህ ከመቶ 95 ነው። 39ኙ ወደ መጋዘን ተመልሰዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «95 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። ኃላፊው ግን የሚጠይቀው ስለ ቀሪዎቹ አምስቱ ነው። ስለዚህ 39ኙን እንደየምክንያታቸው መለየት ያስፈልጋል። 18ቱ ደንበኛው ስልክ ባለማንሳቱ የተመለሱ ናቸው። 9ኙን ደንበኛው አየና ሐሳቡን ቀይሮ አልወስድም ብሏል። 5ቱ አድራሻቸው ተሳስቶ ነው፤ ትእዛዙን የተቀበለችው ልጅ «ገርጂ» ብላ የመዘገበችው ሰውየው ጎሮ ነው ያለው። የቀሩት 7 ዕቃዎች ግን ሹፌራችን ስላልደረሰባቸው የተመለሱ ናቸው። መንገድ ተዘግቶበት ወይም ቀኑ አጥሮት መሽቷል።

እነዚህ 7 ዕቃዎች የሱ ናቸው። ከ780 ውስጥ 7 ማለት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ነጥቡ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «በወር 780 ያህል ዕቃ፤ 95 በመቶውን በመጀመሪያው ጉዞ አስረክቤያለሁ፤ በእኔ መዘግየት የተመለሰው ከመቶ 1 አይሞላም።» ይህን ያነበበ የስምሪት ኃላፊ ሰውየው ሥራውን እንደሚያውቀው ወዲያው ይገባዋል፤ የተመለሰ ዕቃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የሚለይ ሹፌር ብዙ አይገኝምና። «100 በመቶ በሰዓቱ» ብሎ የጻፈ ደግሞ ወይ ቆጥሮ አያውቅም፣ ወይ አዲስ አበባ ውስጥ ነድቶ አያውቅም።

አንድ ወር ብቻ ተቆጥሮ ለሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይናገራል ወይ ለሚል ሰው፣ አይናገርም። ሐምሌና ነሐሴ ከጥቅምት ጋር አንድ አይደሉም፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ቢቻል ሁለት ወር፣ አንዱ ከክረምት አንዱ ከበጋ ተወስዶ ቢቆጠር ይሻላል። ሰነዱ መሥሪያ ቤቱ እጅ ቀርቶ ከሆነ አሁን ባለበት ሥራ ላይ ሁለት ሳምንት ደብተር ይዞ ማታ ማታ አራት ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ የወጣ፣ የተረከበ፣ የተመለሰ፣ የተመለሰበት ምክንያት። ያኔ ነጥቡ ላይ «ያህል» የምትለዋ ቃል ትገባለች። «ያህል» ያለበት እውነተኛ ቁጥር ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ድፍን ቁጥር በብዙ ይበልጣል።

ስለ አጻጻፉም እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዋናው ነገር ሳይታወቅ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ ይሸሻል። «በድርጅቱ ውስጥ በነበረኝ ቆይታ የተሰጠኝን ኃላፊነት በአግባቡ በመወጣት» ብሎ የጀመረ ሰው ቁጥሩ ጋ ሳይደርስ አንባቢው ወደሚቀጥለው ሲቪ አልፏል። የአንባቢው ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቃላት ላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወይም ቦታው ከፊት ይምጣ። «በወር 780 ያህል ዕቃ» ብሎ መጀመር ትንሽ ቆረጥ ያለ ይመስላል፤ ለሲቪ ግን የሚስማማው እሱ ነው።

ወደ መስመር እንምጣ። «የአዲስ አበባን መንገዶች ጠንቅቄ አውቃለሁ» የሚል ነጥብ በየሲቪው አለ። ከተማውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚህ አይጽፍም፤ ምን ያህል እንደማይታወቅ ያውቃልና። አያት ኮንዶሚኒየም ብሎ አድራሻ የለም፤ የትኛው ሳይት፣ የትኛው ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የብሎክ ቁጥሮቹም ሁልጊዜ በተራ አልተደረደሩም፤ 46ን አልፈህ 47ን ትፈልግና ሌላ ረድፍ ላይ ታገኘዋለህ። ነባር ሰፈሮች ደግሞ የቤት ቁጥር እያላቸውም በምልክት ነው የሚገኙት፤ «ከፋርማሲው ጀርባ ኮብልስቶኑን ይዘህ ግባ፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ ውሻ አለ ግን ታስሯል» ይባላል። እነዚህን እየመዘገበ የራሱን ደብተር ያዘጋጀ አድራሽ ካለ እሱ መጻፍ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፤ የየትኞቹን ሳይቶች መግቢያዎችና ብሎኮች እንደመዘገበና አዲስ ሹፌር ሲመጣ በዚያ ደብተር እንዳሠለጠነ።

ሹፌራችን ግን ከዚህም የበለጠ የሚጻፍ ነገር ሠርቷል፣ ልብ ሳይለው። ሥራ ሲጀምር ዕቃዎቹን የሚያደርሰው ዝርዝሩ ላይ በሰፈሩበት ተራ ነበር፤ ዝርዝሩ የሚወጣው ደግሞ ትእዛዙ በገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አያት ኮንዶሚኒየም ይደርሳል፤ የቤቱ ባለቤት ሥራ ሄዷል። ከሰዓት ቦሌ ቢሮዎች ይመጣል፤ ዕቃውን ያዘዘችው ሠራተኛ ለምሳ ወጥታለች ወይም ስብሰባ ገብታለች። ማታ እንደገና አያት። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ሁለቴ ይሄዳል፤ የጉዞ መመዝገቢያውም በቀን በአማካይ 118 ኪሎ ሜትር ያሳያል።

ቆይቶ ተራውን ራሱ አስተካከለው። ቢሮዎቹን ከ2:30 እስከ 6 ሰዓት ይጨርሳል። ዓርብ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5:30 እስከ 7:30 ለምሳና ለጸሎት ስለሚወጡ የዓርቡን ቀደም ያደርገዋል። በምሳ ሰዓት ሱቆችንና ፋርማሲዎችን ይይዛል፤ እነሱ አይዘጉም። ኮንዶሚኒየሞቹ ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሆናሉ። አጫጫኑም ይህን ተከትሎ ተለወጠ፤ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ተጭኖ ወደ ጋቢናው ይጠጋል፣ መጀመሪያ የሚወርደው በር ላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ካርቶን እያገላበጡ መፈለግ ቀረ። መመዝገቢያው ከዚያ በኋላ 96 ኪሎ ሜትር ማሳየት ጀመረ።

ልዩነቱ በቀን 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ26 ቀን 572 ይሆናል። ቫኑ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ በወር ከ60 ሊትር በላይ ነዳጅ ተረፈ ማለት ነው። በብር ባይጻፍ እመርጣለሁ፤ የነዳጅ ዋጋ ይለዋወጣል፣ ኪሎ ሜትሩ ግን አይለወጥም። ነጥቡ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከቦሌ እስከ አያት ባለው መስመር የማድረሻ ተራውን አስተካክዬ (ቢሮዎች ከ6 ሰዓት በፊት፣ መኖሪያዎች ከ10 ሰዓት በኋላ) የቀን ጉዞን ከ118 ወደ 96 ኪሎ ሜትር አውርጃለሁ።» ቅንፉ ውስጥ ያለው ነገር ትርፍ እንዳይመስል፤ ቁጥሩ እንዲታመን የሚያደርገው እሱ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ያሳያልና።

እዚህ ላይ ማረጋገጥ የሚገባው፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚወዳደሩ መሆናቸው ነው። በፊት በቀን 30 ዕቃ ይጭን የነበረ ሰው አሁን 20 እየጫነ ከሆነ ኪሎ ሜትሩ የቀነሰው ዕቃው ስላነሰ እንጂ ተራው ስለተስተካከለ አይደለም። ሳሪስ የነበረው መጋዘን ወደ ቦሌ ተዛውሮ ከሆነም እንደዚሁ። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ስምሪት ላይ የኖረ ሰው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የደኅንነት ነጥብ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ምክንያቱም ጥሩ ሹፌር ላይ የሚታየው ያልሆነው ነገር ነው፤ አልተጋጨም፣ አልገጨም፣ አልገለበጠም። «አደጋ አድርሼ አላውቅም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣውም ይህንኑ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ያልሆነውን ከሆነው ጋር ማሠር ያስፈልጋል። ስንት ጊዜ ነዳህ? በምን መኪና? ስንት ኪሎ ሜትር? ሹፌራችን በቀን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ 32 ወር በ26 ቀን ሲባዛ 832 የሥራ ቀን ነው። ፈቃድና በዓል ቀናንሰንለት 75 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንበል። «በ2 ዓመት ከ8 ወር፣ 75 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በከተማ ውስጥ ነድቼ ለኢንሹራንስ የቀረበ ጉዳት የለም» የሚለው ነጥብ ከ«አላውቅም» በጣም ይርቃል። «ለኢንሹራንስ የቀረበ» የሚለው ሐረግ ገደቡን በሐቅ ያስቀምጣል። መስታወት አልተጫረም አላለም፤ የተጫረ መስታወት የሌለው የአዲስ አበባ ቫን የት አለና።

ሁለተኛው መንገድ ሳይደርስ የቀረውን አደጋ መጻፍ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጠዋት ፍተሻ ፎርሙ ይገኛል። ፎርሙ ላይ ጎማ፣ መብራት፣ የሞተር ዘይት፣ ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ክሪክና ትርፍ ጎማ ይደረደራሉ። ብዙዎች ሳያዩ ሁሉንም ምልክት ያደርጉበታል። አንድ ጠዋት ሹፌራችን የፍሬን ዘይቱ ከትናንቱ ወርዶ ያገኘዋል። የፍሬን ዘይት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢቀንስ ሸራው እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ዘይቱ ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል። በአንድ ሌሊት በሚታይ መጠን ከቀነሰ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ዘይት ሞልቶ መውጣት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ያንን ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ሲያይ የኋላ ግራው ረጥቧል። መኪናው አልወጣም፣ ጋራዥ ገባ፣ የዕለቱ ዕቃ ለሌላ ቫን ተከፋፈለ። ያ ቀን በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ መጥፎ ቀን ነው፤ በሲቪው ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው ነጥብ ይወጣዋል፦ «በጠዋት ፍተሻ የፍሬን ዘይት መፍሰሱን አግኝቼ ቫኑ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጋራዥ እንዲገባ አድርጌያለሁ፤ ፍተሻውን በየቀኑ በፎርም እሞላ ነበር።»

አደጋ ያደረሰ ሹፌርስ? ሲቪ ላይ አደጋን የመዘርዘር ግዴታ የለም፤ ሐሰት ላለመጻፍ ግን አለ። ሁለት ዓመት ከነዳ በኋላ የአጥር በር ገጭቶ ኢንሹራንስ የከፈለበት ሰው ስለ አደጋ ምንም ነጥብ ባያስገባ ይሻለዋል። ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ብቻ ቀኑን ጠቅሶ ይጽፋል። ሲጠየቅ ደግሞ በቀጥታ ይመልስ፤ ወደ ኋላ ሲነዳ እንደሆነ፣ ረዳት እንዳልነበረው፣ ከዚያ ወዲህ ወርዶ ዞሮ ሳያይ ሪቨርስ እንደማይገባ። በማድረስ ሥራ ላይ ትንንሽ ጉዳት የሚበዛው ወደ ኋላ ሲነዳ መሆኑን የስምሪት ኃላፊው ያውቃል፤ መልሱን ይረዳዋል። የማይረዳው ሲቪው ላይ «ምንም» ተብሎ ከድሮው መሥሪያ ቤት በስልክ ሌላ ሲሰማ ነው። ስልክ ደግሞ ይደወላል።

የደንበኛ አያያዝ የሚባለው በእኛ አገር ማድረስ ሥራ ውስጥ ከገንዘብ ተለይቶ አይቆምም፤ አብዛኛው ዕቃ የሚከፈልበት በር ላይ ነውና። ሹፌሩ ያስረክባል፣ ይቆጥራል፣ ይመልሳል፣ ይፈርማል፣ ያስፈርማል። ፈተናው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ሲከፈል ይብሳል። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን መልእክት ያሳያል። መልእክት ግን ሊቀናበር ይችላል፤ ሊታይ የሚገባው የድርጅቱ ሒሳብ ነው። ቢሮ ደውሎ ገባ እስኪባል መጠበቅ ግድ ነው፤ ያ ሁለት ደቂቃ ደግሞ እውነተኛውን ደንበኛ ሌባ የተባለ ያህል ሊያስቆጣው ይችላል።

«ወንድሜ፣ ከላክሁ ቆየሁ እኮ። ይኸው መልእክቱ!»

«አይቻለሁ እትዬ፣ እርስዎን አላመንኩም ብዬ አይደለም። ቢሮ እስኪያዩልኝ ሁለት ደቂቃ ይታገሱኝ፤ ሳላረጋግጥ ብሄድ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ፀሐይ ላይ አትቁም፣ ገባ በል።»

ይህን ንግግር ሲቪ ላይ ማስገባት አይቻልም። ያስገኘውን ውጤት ግን ይቻላል። ሹፌራችን በቀን በአማካይ 45 ሺህ ብር ሰብስቦ በዕለቱ ገቢ ያደርግ ነበር። ሲለቅ ክሊራንስ ተሰጥቶታል፤ ክሊራንሱ በሱ ስም የቀረ ዕዳና ንብረት እንደሌለ ይመሰክራል። «በቀን 45 ሺህ ብር ያህል በጥሬና በዝውውር ተቀብዬ በዕለቱ ገቢ አደርግ ነበር፤ ያለ ጉድለት ክሊራንስ ወስጃለሁ» የሚለው ነጥብ «ታማኝ ነኝ» የሚለውን ሳይጠቅሰው ይናገረዋል። ቀጣሪው ተያዥ መጠየቁ ባይቀርም ሹፌሩ ከነወረቀቱ ቀርቧል።

ለጠባይ ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ቅጽል አትጻፉ፣ የዘወትር አሠራር ጻፉ። «ከመድረሴ 30 ደቂቃ በፊት እደውላለሁ፤ የተጎዳ ካርቶን ከደንበኛው ጋር ከፍቼ በማስረከቢያው ላይ አስመዘግባለሁ።» ትሑትነት ምን እንደሚመስል አንባቢው ከዚህ ይገምተው። ለማስረጃ ተብሎ ግን የደንበኞች ስምና ስልክ ያለበትን ማስረከቢያ ፎቶ አንስቶ ከሲቪ ጋር ማያያዝ አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው፤ ከሕጉ በፊትም ቢሆን የድሮ ደንበኞቹን ስልክ ይዞ የሚዞር አድራሽ አዲሱን ቀጣሪ ያሳስበው ነበር። ቁጥሩን ይዞ ወረቀቱን በመሥሪያ ቤቱ መተው ነው።

አሁን የሹፌራችን ሲቪ አንድ መስመር መሆኑ ቀርቶ ስድስት ነጥብ ሆኗል፤

– በወር 780 ያህል ዕቃ፤ 95 በመቶውን በመጀመሪያው ጉዞ አስረክቤያለሁ፤ በእኔ መዘግየት የተመለሰው ከመቶ 1 አይሞላም።
– ከቦሌ እስከ አያት ባለው መስመር የማድረሻ ተራውን አስተካክዬ (ቢሮዎች ከ6 ሰዓት በፊት፣ መኖሪያዎች ከ10 ሰዓት በኋላ) የቀን ጉዞን ከ118 ወደ 96 ኪሎ ሜትር አውርጃለሁ።
– በ2 ዓመት ከ8 ወር፣ 75 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በከተማ ውስጥ ነድቼ ለኢንሹራንስ የቀረበ ጉዳት የለም።
– በጠዋት ፍተሻ የፍሬን ዘይት መፍሰሱን አግኝቼ ቫኑ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጋራዥ እንዲገባ አድርጌያለሁ፤ ፍተሻውን በየቀኑ በፎርም እሞላ ነበር።
– በቀን 45 ሺህ ብር ያህል በጥሬና በዝውውር ተቀብዬ በዕለቱ ገቢ አደርግ ነበር፤ ያለ ጉድለት ክሊራንስ ወስጃለሁ።
– ከመድረሴ 30 ደቂቃ በፊት እደውላለሁ፤ የተጎዳ ካርቶን ከደንበኛው ጋር ከፍቼ በማስረከቢያው ላይ አስመዘግባለሁ።

ከነዚህ በላይ፣ ከስሙና ከስልኩ ቀጥሎ፣ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃና የሚያበቃበት ቀን በአንድ መስመር ይቀመጣል። ማስታወቂያው «ደረቅ 1» ካለና ሲቪው ላይ ደረጃው ካልታየ ነጥቦቹን የሚያነብ ሰው አይኖርም።

ስድስቱ ነጥቦች ባሉበት ይቆያሉ፣ ተራቸው ግን እንደ ማስታወቂያው ይቀያየራል። የባንክ ሰነድ የሚያመላልስ ተላላኪ የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው የገንዘቡንና የክሊራንሱን ነጥብ ነው። ለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ መስመሩንና ኪሎ ሜትሩን ያያል። መድኃኒት አከፋፋይ ከሆነ ግን ከስድስቱ ውስጥ የሌለ ነገር ይጠይቃል። እንደ ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶችና አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መድረስ አለባቸው። ሹፌራችን የሚያደርሰው ጫማና ብሌንደር ስለነበር በዚህ ላይ የሚጽፈው የለውም። ፈልስፎ ከሚጽፍ ይልቅ ለዚያ ማስታወቂያ የጠዋት ፍተሻውን ነጥብ አንደኛ ቢያደርገው ይሻላል፤ ፎርም አይቶ የሚሞላ ሰው የሙቀት መመዝገቢያም አይቶ ይሞላል ብሎ የሚያስብ ፋርማሲስት ይኖራል።